የዕቃ መዘግየት ማስታወቂያ ለደንበኞቼ ልልክ ነው፣ ከመላኬ በፊት እስቲ እዩልኝ

የልጆች_ዕቃ
ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ነኝ፣ በቴሌግራም ቻናል የሕፃን አልጋ እሸጣለሁ። ዕቃው ከቻይና ነው የሚመጣው፣ ብቻዬን ኮንቴነር ስለማልሞላ በካርጎ ከሌሎች ጋር ተጋርቼ ነው የማስጭነው። ለዚህ ዙር 60 ሰው አዟል። አንዱ አልጋ 18,000 ብር ነው፣ 52ቱ ሰዎች 7,200 ብር ቅድሚያ ከፍለዋል፣ 8ቱ ደግሞ ሙሉውን። ህዳር 20 እጃችሁ ይገባል ብዬ ነበር። ዛሬ ህዳር 14 ነው፣ ኮንቴነሩ ሞጆ ደረቅ ወደብ ከደረሰ ሰንብቷል ግን ከተጋራነው ሰዎች የአንዱ ዶክመንት ስላልተሟላ የሁላችንም ዕቃ አብሮ ቆሟል። ካርጎው ከ10 ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ነው ይለኛል።

ደንበኞቼ አብዛኞቹ እርጉዝ ናቸው ወይ ደግሞ ሊወልዱ የተቃረቡ ሚስት ያላቸው። ላጣቸው አልፈልግም፣ መዋሸትም አልፈልግም። ይሄንን ነው የጻፍኩት፦

"ውድ ደንበኞቻችን፣ ከአቅማችን በላይ በሆነ ምክንያት ያዘዛችሁት ዕቃ በመጠኑ የሚዘገይ መሆኑን በትህትና እየገለጽን ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን። ዕቃው በቅርቡ የሚገባ ሲሆን እንደገባ እናሳውቃለን። ስለ ትዕግስታችሁ እናመሰግናለን።"

ዛሬ ማታ ቻናሉ ላይ ልለጥፈው ነው። ምን ትላላችሁ?

ናፍቆት_22
በጣም ጥሩ ነው እኮ፣ ጨዋ ነው። እኔ ብሆን ምክንያቱን ብቻ እጨምርበታለሁ። "በቀይ ባሕር ችግር ምክንያት" በይ፣ ሁሉም ሰው ዜና ላይ ሰምቶታል ማንም አይከራከርሽም።

የሞጆ_ልጅ
አይ ይሄንንስ እንዳትጽፊ። እኔ ትራንዚት ቢሮ ነው የምሰራው። በፈረንጆቹ ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ቀይ ባሕር ላይ መርከቦች ስለተመቱ ትልልቆቹ የመርከብ ድርጅቶች ወደ አውሮፓ የሚሄዱትን በደቡብ አፍሪካ በኩል አዞሯቸው፣ እሱ እውነት ነው። ጅቡቲ ግን ወደ ቀይ ባሕር ከሚያስገባው ከባብ ኤል መንደብ መተላለፊያ ወዲህ ናት። ከቻይና የሚመጣ ዕቃ በህንድ ውቅያኖስ አድርጎ በኤደን ባሕረ ሰላጤ ነው ጅቡቲ የሚገባው፣ ስዊዝንም ጠባቡን መተላለፊያም አያልፍም። ዋጋውንና የመርከቦቹን ፕሮግራም አልነካውም አልልም ነክቶታል፣ ግን ያንቺ ዕቃ እኮ ባሕሩን ተሻግሮ ሞጆ ቆሟል። ከ60 ደንበኛ አንዱ ነጋዴ ወይ ሾፌር አይጠፋም፣ "ሞጆ የደረሰ ዕቃ ቀይ ባሕር ምን አገናኘው" ብሎ ኮመንት ላይ አንዴ ከጻፈ ከዚያ በኋላ እውነቱን ብትናገሪም የሚያምንሽ የለም።

የጋራ ኮንቴነር ላይ የአንዱ ወረቀት ሲጎድል ሁሉም መቆሙ በየጊዜው የምናየው ነው፣ የሚያሳፍር ነገር የለውም። እንደሆነው ጻፊው።

ኦርደር_ክፍል
እህቴ እኔ አንድ ትልቅ የፈርኒቸር ቤት ውስጥ ብዙ አመት ትዕዛዝ ክፍል ነው የሰራሁት፣ ሶፋ ዘገየ አልጋ ዘገየ እያልኩ ስልክ ስደውል ነው የኖርኩት። ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

የጻፍሽው ላይ አንድም ቀን የለም። "በመጠኑ" እና "በቅርቡ" ነው ያለው። ሰው ይሄን ሲያነብ መዘግየቱን አይደለም የሚሰማው፣ "ብሬ የት ሄደ" ነው የሚለው። በዚያ ላይ አሁን ጊዜ የቴሌግራም ሱቅ ብር ሰብስቦ ቻናሉን ዘግቶ የጠፋበት ሰው በየሰፈሩ አለ፣ ከመጥፋታቸው በፊት የሚጽፉት ደግሞ ልክ ይሄንኑ ነው። አንቺ እንደማትጠፊ አንቺ ታውቂያለሽ፣ እነሱ አያውቁም።

ስለዚህ መጀመሪያ ቀን። ቀኑን ደግሞ ካርጎው ካለሽ ላይ አትውሰጂ። ካርጎው ሁለት ሳምንት ሲል ኮንቴነሩ ከሞጆ ይወጣል ማለቱ ነው እንጂ አልጋው ሰው ቤት ይገባል ማለቱ አይደለም። ሁለት ሳምንት ማለት ህዳር 28 ነው። ከዚያ አዲስ አበባ መጋዘን ገብቶ የማን የማን እንደሆነ እስኪለይ፣ የተሰበረ ካለ እስኪታይ፣ ሶስት ቀን በይው። ከዚያ በቀን ስንት ቤት ታደርሻለሽ?

የልጆች_ዕቃ
አንድ አይሱዙ ነው የምኮናተረው፣ አልጋውን ገጣጥመን ስለሆነ የምንሰጠው በቀን 8 ቤት ቢበዛ ነው።

ኦርደር_ክፍል
እንግዲያው 60 ቤት ስምንት የስራ ቀን ይወስዳል። እሁድን ስታወጪ ሁሉም ነገር ቢቀና የመጨረሻዋ ደንበኛ ጋ የሚደርሰው ታህሳስ 10 አካባቢ ነው። ካርጎው ደግሞ አንዴ ቀኑን የሳተ ሰው ስለሆነ ሌላ 10 ቀን ጨምሪበትና "እስከ ታህሳስ 20" በይ። ህዳር 30 ብለሽ ታህሳስ 10 ከምታመጪ ታህሳስ 20 ብለሽ ታህሳስ 10 ብታመጪ ይሻላል። አንድ መዘግየት ሰው ይችላል፣ ሁለተኛው ነው ሰውን የሚያሳብደው።

ናፍቆት_22
አንድ ወር ሙሉ ብላ ከጻፈችማ ሁሉም ብሬን መልሺ ይላታል!! እኔ ነጋዴ ባልሆንም የሰው ጸባይ አውቃለሁ።

ሕግ_ያነበበ
እዚህ ጋ ማንም ያላነሳው ነገር አለ። የተቀበልሽው ቀብድ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 ላይ ቀብድ የተቀበለ ሰው እጥፍ ይመልሳል ይላል። ስለዚህ ብር መልሺ ካሉሽ 7,200 ሳይሆን 14,400 ነው የምትከፍዪው። ማስታወቂያው ላይ ብር እመልሳለሁ ብለሽ በጽሑፍ ባትሰጪ ይሻልሻል ባይ ነኝ።

የልጆች_ዕቃ
ወይኔ፣ እውነት ነው? 52 ሰው እኮ ነው። እንቅልፍ ልትነሱኝ ነው።

ፍርድቤት_ቅርብ
ግማሹ ልክ ነው። 1885 ላይ እጥፍ የሚለው ቀብድ ተቀባዩ ውሉን ራሱ ሲያፈርስ ነው፣ "አልሸጥልህም ትቼዋለሁ" ሲል ማለት ነው። እሷ አልተወችም፣ ዘግይታለች፣ የዘገየና የተወ አንድ አይደሉም። እዚያው ቁጥር ላይ ደግሞ ከፋዩ ራሱ ቢተው ቀብዱን ያጣል ይላል። ሁለቱም "ሌላ ስምምነት ከሌለ" ነው የሚባሉት። ሌላው ነገር ደረሰኝሽ ላይ "ቀብድ" ይላል ወይስ "ቅድመ ክፍያ"? አከራካሪ የሚሆነው እዚያ ጋ ነው።

"ከአቅም በላይ" የሚለውን ግን ባታነሺው ጥሩ ነው። ሕጉ ላይ ከአቅም በላይ የሚባለው አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችልና አፈጻጸሙን ጨርሶ የሚከለክል ነገር ነው። የሌላ አስመጪ ወረቀት መጉደል እዚያ ውስጥ መግባቱን እጠራጠራለሁ። ደንበኛሽ የተዋዋለው ካንቺ ጋር ነው፣ ካርጎውን አያውቀውም።

የልጆች_ዕቃ
ደረሰኙ "ቅድመ ክፍያ" ነው የሚለው። ግን ቻናሌ ላይ ከላይ ፒን ያደረግኩት ህግ ውስጥ "ቀብድ አይመለስም" የሚል አለ 🙈

ኦርደር_ክፍል
ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ጥሩ ነገርሽን። ያ ፒን ላይ እያለ አንቺ "ብር እመልሳለሁ" ብትዪ ሰው የቱን ይመን? ማስታወቂያው ውስጥ በግልጽ "ቀብድ አይመለስም የሚለው ህጋችን በዚህ ትዕዛዝ ላይ አይሰራም" ብለሽ ጻፊ። ያ ህግ ደንበኛ ሃሳቡን ሲቀይር ነው እንጂ አንቺ ስትዘገዪ ሊሆን አይችልም፣ ፍትሃዊ አይደለም። ፒኑንም አስተካክዪው ግን አጥፍተሽው እንዳልነበረ አታድርጊው፣ ህዳር 20 ያልሽበትን ፖስትም እንደዚያው ተዪው። ስክሪንሾት የያዘ ሰው አለ፣ አጠፋች ከተባለ አለቀ።

ብር ይጠየቃል ለምትለው ለናፍቆት፦ እኔ ያየሁት ተቃራኒውን ነው። ብሩን ማግኘት እንደሚችል ያወቀ ሰው ይረጋጋል፣ የሚጠብቀውም ይበዛል። መውጫ የለም ያልሽው ሰው ነው በሩን የሚደበድበው።

የመርካቶ_ሰው
ልጆች እኔ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። አንቺ ኦርደር ክፍል ያልሽው በደመወዝ ሲሰራ ጥሩ ነው፣ የድርጅቱ ካዝና ከኋላ አለ። ይቺ ልጅ ግን ብሩ ዕቃው ውስጥ ነው ያለው። 52 በ7,200፣ 8 በ18,000፣ ተደምሮ 518,400 ብር ነው። ይሄ ብር አሁን ሞጆ ቆሟል እንጂ ባንክ አይደለም። ሁሉም በአንድ ቀን ቢመጣባት ምን ልትሆን ነው? እኔ በዚህ ሙያ ስኖር ያየሁት ሰውን የሚጥለው ቃል ገብቶ የማይከፍል መሆኑ ነው። እጅሽ ላይ አሁን ስንት አለ ልጄ?

የልጆች_ዕቃ
ጋሼ እውነትዎን ነው። 150,000 ብር አለኝ፣ ሌላው ሁሉ ዕቃው ላይ ነው።

የመርካቶ_ሰው
20 ሰው ቀብድ ይመልሳል ማለት ነው፣ ከዚያ በላይ የለም። ሙሉ የከፈለ ከመጣ ደግሞ ያንሳል። እንግዲህ በዚህ ልክ ተናገሪ። "በ24 ሰዓት ውስጥ" የሚል ነገር እንዳትጽፊ።

ኦርደር_ክፍል
ጋሼ ያሉት ልክ ነው፣ እኔም እቀበላለሁ። እንዲህ ቢሆንስ፦ "ብር እንዲመለስልዎ ከጠየቁ በጠየቁበት ቅደም ተከተል ከ3 እስከ 10 የስራ ቀን ውስጥ እንመልሳለን"። 20ዎቹ በሶስት ቀን ያገኛሉ። ከዚያ በላይ ሰው ከመጣ አስር ቀን ውስጥ ወይ ተበድረሽ ወይ የተመለሰውን አልጋ ለሌላ ሰው ሸጠሽ ትሰጫለሽ። ተጠባባቂ ሊስት አለሽ?

የልጆች_ዕቃ
አለኝ፣ ለሚቀጥለው ዙር የጠየቁ 15 ሰው አሉ።

የመርካቶ_ሰው
እሱ ካለ ይሁን። ግን መጀመሪያ እነሱን አናግሪ፣ "አልጋ ከተለቀቀ ትወስዳላችሁ ወይ" ብለሽ። ማስታወቂያው ከወጣ በኋላ ብታናግሪያቸው እነሱም ይፈራሉ። የዘገየ መሆኑን ግን ለእነሱም ንገሪ፣ አትደብቂ።

ሶፋ_ጠባቂ
ሶፋ ካዘዝኩ ይኸው ሁለተኛ ክረምት ሊመጣብኝ ነው፣ ስደውል "ቀለም እየተቀባ ነው" ይሉኛል። የጨርቅ ሶፋ እኮ ነው ምኑ ነው የሚቀባው??? ብሬን ለማስመለስ የት ነው የሚከሰሰው? እዚህ የሚያውቅ ሰው ካለ።

ፍርድቤት_ቅርብ
ወንድም ያንተ ጉዳይ ሌላ ነው፣ አዲስ ክር ክፈትና እዚያ እናውራ። ለጊዜው ግን ደውለህ አትተው፣ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ስጣቸው፣ "እስከዚህ ቀን ካላስረከባችሁኝ ውሉን እሰርዛለሁ" በል፣ ቅጂውን ያዝ። የስልክ ጭቅጭቅ ማስረጃ አይሆንህም።

የልጆች_ዕቃ
እሺ ለሚጠብቁት ምን ልስጥ? ዴሊቨሪ 500 ብር ነው የማስከፍለው፣ እሱን ነጻ ላድርግ ብዬ አስቤ ነበር።

ኦርደር_ክፍል
ከአንድ አልጋ ስንት ይተርፍሻል? ልጨቅጭቅሽ ብዬ አይደለም፣ የምትሰጪው ከዚያ ነው የሚወጣው።

የልጆች_ዕቃ
ወጪው ሁሉ ተቀንሶ ወደ 3,500።

ኦርደር_ክፍል
ከ60ው 210,000 ነው ማለት ነው። ዴሊቨሪ ነጻ 500፣ ከቀሪ ሂሳብ ላይ ደግሞ የአልጋውን ዋጋ 5 በመቶ፣ ማለትም 900 ብር ቅናሽ። አንድ ሰው ላይ 1,400፣ ስልሳው ላይ 84,000። ያማል ግን አይገድልሽም። ከዚህ በላይ አስፈላጊው ደግሞ ምንም የማያስወጣሽ ነገር ነው፣ ዋጋው እንደማይጨምር መጻፍ። ከ2016 ሐምሌ ወዲህ ዶላሩ በገበያ ከሆነ በኋላ ደንበኛ ሁሉ አንድ ፍርሃት አለው፣ "አዘግይተው አዘግይተው ዋጋ ጨመረ ሊሉኝ ነው" የሚል። "ዋጋው 18,000 ነው፣ ምንዛሬ ቢጨምርም አይቀየርም" ብትዪ ከቅናሹ በላይ ያ ነው የሚያሳርፋቸው። ቀረጡም ሆነ የወደብ ኪራዩ ቢጨምርብሽ ለመቻል ግን ተዘጋጂ፣ ዕቃው በቆመ ቁጥር የሚቆጥር ሂሳብ አለ።

ሁለተኛ፣ ታህሳስ 20 ካለፈስ? አሁኑኑ ወስኚና ጻፊው፦ "ታህሳስ 20 ካልደረሰ ሳትጠይቁን ሌላ 900 ብር እንቀንሳለን"። ክፉ ክፉውን ብናስብ አንድ ሰው ላይ 2,300፣ ስልሳው ላይ 138,000 ይሆናል፣ አሁንም 72,000 ይተርፍሻል፣ ኪሳራ አትገቢም። ቁልፉ "ሳትጠይቁን" የሚለው ነው። ደውሎ የጮኸው ካሳ አግኝቶ ዝም ያለው ካጣ፣ በኋላ ሁለቱ ይገናኛሉ፣ አንድ ሆስፒታል ነው የሚወልዱት።

የሞጆ_ልጅ
ስለ ወደብ ኪራዩ ካርጎውን አሁኑኑ ጠይቂ፣ ወረቀቱን ያላሟላው ሰውዬ ነው ወይስ ሁላችሁም ናችሁ የምትከፍሉት? በጽሑፍ አስይዢው። ደንበኞችሽ ጋ ግን ይሄ ጭቅጭቅ አይግባ።

ቤቴል_እናት
ሙሉ የከፈልነውስ? እኔ የናንተ ደንበኛ አይደለሁም ግን ሌላ ቦታ ሁሌ ሙሉ ነው የምከፍለው፣ ቀሪ ሂሳብ የለኝም፣ "ከቀሪው ላይ ይቀነሳል" ስባል ለኔ ምንም ማለት አይደለም። ቀድሞ ያመነሽ ሰው እኮ ነው ሙሉውን የከፈለው።

ኦርደር_ክፍል
በጣም ትክክል። ለ8ቱ 900 ብሯን አሁን በከፈሉበት መንገድ ላኪላቸው፣ 7,200 ብር ብቻ ነው። አልጋው እስኪመጣ አታስጠብቂያቸው።

አያት_ነኝ
ልጄ ይሄን ሁሉ ጭንቀት አላስፈላጊ ነው የምለው። ሕፃን እኮ መጀመሪያ ከእናቱ ጋር ነው የሚተኛው፣ እኛ ስንት ወለድን አልጋ ማን ነበረው። "እስኪጠና ድረስ አልጋ አያስፈልገውም" ብለሽ ንገሪያቸው፣ ይረጋጋሉ።

የልጆች_ዕቃ
እማዬ እኔም ልጄን ያሳደግኩት እንደዚያው ነው ☺️ ግን ከገዙት በኋላ እንዲያ ብላቸው ቅር ይላቸዋል ብዬ እፈራለሁ።

ቤቴል_እናት
እማዬ አክብሮቴ እንደተጠበቀ፣ ይሄንን ከሻጭ መስማት በጣም ነው የሚያናድደው። አንዷ በኦፕራሲዮን ነው የምትወልደው፣ አንዷ ለክርስትናው እንግዳ ስለሚመጣ ቤቷን ቀድማ ማስተካከል ፈልጋ ነው፣ ወንድ ከሆነ 40 ቀን ነው ያላት፣ ሴት ከሆነች 80። የማን ምን እንደሚያስፈልጋት ሻጭ አይወስንም። እንዲያውም መወለጃ ቀናቸውን ጠይቀሻቸው ነበር ወይ?

የልጆች_ዕቃ
ሲያዙ እጠይቃለሁ፣ የብዙዎቹ አለኝ። ከታህሳስ 20 በፊት የሚወልዱት 11 ናቸው። ሱቅ ውስጥ ደግሞ 6 ተጣጣፊ ትንንሽ አልጋዎች አሉኝ፣ ለመሸጥ የመጡ።

ኦርደር_ክፍል
በቃ መልሱ እሱ ነው! ስድስቱን አበድሪ። መጀመሪያ የሚወልዱት ስድስቱ ጋ ትልቁ እስኪመጣ በነጻ ይቀመጥ፣ ሲመለስልሽ ታጥቦ ባገለገለ ዕቃ ዋጋ ይሸጣል። ለቀሪዎቹ 5 "ሌላ ቦታ መግዛት ከፈለጋችሁ ብራችሁን ከሁሉም በፊት እመልሳለሁ" በያቸው። አልጋው ሲመጣም መጀመሪያ የሚጫነው የ11ዱ ይሁን፣ ከዚያ ባዘዙበት ቅደም ተከተል።

11ዱን ደግሞ በቴሌግራም ሳይሆን በስልክ ነው የምትነግሪያቸው፣ ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት፣ ራስሽ ደውለሽ። ለ60ውም በየስማቸው በውስጥ መስመር ላኪ። ቻናሉ ላይ የምትለጥፊው ከሁሉም በኋላ ነው። ሰው የራሱን ጉዳይ ከሌላ ሰው ሊሰማው አይገባም።

እና አንድ ነገር እንዳትረሺ፣ ፕሮግራም አድርገሽ ያስቀመጥሽው ማስታወቂያ ካለ አቁሚው። ይቅርታው ከወጣ ከአንድ ሰዓት በኋላ "አዲስ ገባ!! አሁኑኑ ይዘዙ" የሚል ሲመጣ አይቻለሁ፣ ኮመንቱን ብታዩት...

ሲልቨር_ስፕሪንግ
ሰላም፣ እኔ አሜሪካ ነኝ፣ ለእህቴ አዲስ አበባ እንደዚሁ ከቻናል ዕቃ ገዝቼ ነበር። ዕቃው ሲዘገይ መልእክቱን ለሷ ላኩላት፣ እኔ የከፈልኩት ግን ምንም አላወቅኩም። ሰርፕራይዝ ነበር የፈለግኩት፣ እሷ "ምን አልጋ?" ብላ ደወለችልኝ። ስለዚህ የከፈለና የሚቀበል ሰው የተለያየ ከሆነ መጀመሪያ ለከፋዩ ንገሩ። ብር የሚመለስም ከሆነ ለማን ነው የሚመለሰው?

የልጆች_ዕቃ
ውይ ይሄንንስ ጭራሽ አላሰብኩትም። ከውጭ የከፈሉልኝ 7 ሰዎች አሉ። ብሩ ግን ብዙ ጊዜ የሚገባው አዲስ አበባ ባለ በሌላ ሰው አካውንት ነው።

ፍርድቤት_ቅርብ
በመርህ ደረጃ ብር ወደመጣበት አካውንት ነው የሚመለሰው። ያ የሶስተኛ ሰው አካውንት ሲሆን ግን ያዘዘው ሰው "ለእገሌ መልሺ" ብሎ በጽሑፍ ካላረጋገጠ ባትልኪ ይሻላል። ሆኖም አካውንቱ ባለቤት "ብሩ የኔ ነው" ቢልስ? እኔም ለዚህ የተቆረጠ መልስ የለኝም።

ኮድ_አትስጥ
የባንክ ሰራተኛ ነኝ፣ ይሄን ክር ዝም ብዬ ሳነብ ቆይቼ አንድ ነገር ስላልተነሳ ነው። መዘግየቱን ቻናል ላይ በለጠፍሽበት ቀን አጭበርባሪ ይገባል። ያንቺን ስምና ፎቶ አስመስሎ አካውንት ይከፍትና ኮመንት ላይ "ብሬን መልሱልኝ" ብለው የጻፉትን እየመረጠ በውስጥ ይጽፍላቸዋል፣ "ብርዎን ልንመልስ ነው፣ ስልክዎ ላይ የመጣውን ኮድ ይላኩልን" ይላል። ኮዱን ሲሰጡት አካውንታቸው ይራገፋል፣ ከዚያ የሚራገመው አንቺን ነው። ስለዚህ ማስታወቂያው ላይ የምትደውዪበትን አንድ ስልክ ብቻ ጻፊ፣ "የሚስጥር ቁጥርም ሆነ የመጣላችሁን ኮድ በፍጹም አንጠይቅም፣ ተጨማሪ ብር ላኩም አንልም" በይ። ኮመንቱንም ብትዘጊው ነው የሚሻለው።

ኦርደር_ክፍል
ስለ ኮዱ በጣም አመሰግናለሁ፣ ከኔ ዘመን በኋላ የመጣ ነገር ነው። ኮመንት መዝጋቱን ግን አልስማማም። በዚህ ቀን ኮመንት የዘጋ ሱቅ ሸሽቷል ነው የሚባለው። ክፍት ይሁንና አንድ ሰው ተቀምጦ ይመልስ፣ "በውስጥ መስመር አናግረንዎታል" እያለ።

ኮድ_አትስጥ
አንድ ሰው ካላት ይሁን። ከሌላት ግን ሌሊት ላይ ማን ይጠብቀዋል? አጭበርባሪ እኮ አይተኛም።

የልጆች_ዕቃ
እህቴ ታግዘኛለች፣ ቀን ክፍት ማታ ከሶስት ሰዓት በኋላ ዝግ ላደርገው ነው። ይኸው እንደገና ጻፍኩት፣ ይሄ ለየሰው በስሙ የሚላከው ነው፦

"ሰላም ወ/ሮ ___፣
ህዳር 20 ይደርሳል ያልንዎ የሕፃን አልጋ በዚያ ቀን አይደርስም። አዲሱ ቀን እስከ ታህሳስ 20 ነው። በጣም ይቅርታ።
አልጋው ሞጆ ደረቅ ወደብ ደርሷል። ከሌሎች አስመጪዎች ጋር በአንድ ኮንቴነር ስለመጣና የአንዱ ወረቀት ስላልተሟላ እስካሁን አልወጣም። በዚህ መንገድ ማስመጣቱን የመረጥነው እኛ ስለሆንን ኃላፊነቱ የኛ ነው።
ከጠበቁን፦ ዋጋው 18,000 ብር እንደሆነ ይቆያል፣ ምንዛሬም ሆነ ሌላ ወጪ ቢጨምር አይቀየርም። ዴሊቨሪ ነጻ ነው፣ 900 ብር ደግሞ ይቀነስልዎታል። ታህሳስ 20 ካለፈ ሳይጠይቁን ሌላ 900 ብር እንቀንሳለን።
መጠበቅ ካልፈለጉ፦ የከፈሉት ሙሉ ብር በጠየቁበት ቅደም ተከተል ከ3 እስከ 10 የስራ ቀን ውስጥ ይመለስልዎታል። ምክንያት አንጠይቅም። 'ቀብድ አይመለስም' የሚለው ህጋችን በዚህ ትዕዛዝ ላይ አይሰራም። አሁን ልጠብቅ ብለው በኋላ ሃሳብዎን ቢቀይሩም ይችላሉ፣ አልጋው ቤትዎ እስኪደርስ ድረስ።
የምንደውለው ከዚህ ስልክ ብቻ ነው። የሚስጥር ቁጥር፣ ስልክዎ ላይ የመጣ ኮድ ወይም ተጨማሪ ብር አንጠይቅም።
ቀጥሎ ህዳር 21 ቀን ያለበትን ሁኔታ እንጽፍልዎታለን፣ ለውጥ ባይኖርም።"

የመርካቶ_ሰው
ይሄ ነው ንግድ። "ምክንያት አንጠይቅም" የሚለው ጥሩ ነው። አንድ ነገር ብቻ፣ "አልጋው ቤትዎ እስኪደርስ" ማለቱ ይከብድሻል። መኪና ተጭኖ በር ላይ ደርሶ "ተውኩት" ቢልሽስ? "ለማድረስ ቀን እስክንቀጥር" በይው።

ናፍቆት_22
እኔ አሁንም የሚመልስ ሰው ይበዛል ባይ ነኝ፣ ግን ደንበኛ ብሆን ይሄንን ባነብ እጠብቅ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር።

ኦርደር_ክፍል
የጋሼን አስተካክዪና ላኪው። ህዳር 21ን የመረጥሽበት ደግሞ በጣም ደስ ብሎኛል፣ አሮጌው ቀጠሮ በተሰበረ ማግስት ነው፣ ስልክሽ የሚጨናነቀው ያን ቀን ነበር። ሙሉ ለከፈሉት ያለውን ለይተሽ ጻፊ፣ 900ው እንደተላከላቸው። ለአባወራዎቹ "ወ/ሮ" ብለሽ እንዳትልኪ ስሙን አንድ በአንድ እዪው።

የልጆች_ዕቃ
ሰላም፣ ማታ ነው የምጽፈው። ለተጠባባቂዎቹ መጀመሪያ ደወልኩ፣ 9ኙ አልጋ ከተለቀቀ እንወስዳለን ብለዋል። ከዚያ ከ11ዱ 8ቱን አገኘኋቸው። አራቱ ትንሿን አልጋ በውሰት እንወስዳለን አሉ፣ ሁለቱ ብራቸውን ጠየቁ፣ ዛሬውኑ ላክሁላቸው። አንደኛው አባወራ በጣም ተቆጣኝ፣ ዋጋው አይጨምርም ስለው ግን ዝም አለና "በጽሑፍ ላኪልኝ" አለኝ። አንዷ ላስብበት ብላለች። ሶስቱ ስልክ አላነሱም፣ ነገ ጠዋት እሞክራለሁ፣ እነሱን ሳላገኝ ቻናሉ ላይ አልለጥፍም።

ቤቴል_እናት
ስልክ ያላነሱት ምናልባት ወልደው ይሆናል። በአደጋ ጊዜ ይጠራልን ብለው የሰጡሽ ሌላ ስልክ ካለ እሱን ሞክሪ፣ ከሌለ ግን አጭር ቴክስት ላኪላቸው፣ "ስለ አልጋው ነው፣ ሲመችዎ ይደውሉ" ብለሽ። ከስድስቱ ሁለቱ ይቀሩሻል አይደል፣ ለሌላ ሰው እንዳትሰጪያቸው።